አሥራ ሁለቱ የክፍያ ወራት

ባሌ ሰካራም አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር። የወረዳችን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ብትሄዱ በባሌ ፋይል ውስጥ አንድ ደብዳቤ ታገኛላችሁ፤ በገዛ እጁ የተጻፈ፣ በገዛ እጁ የተፈረመ። «ገንዘቡን በመጠጥ ጨርሼዋለሁ» ይላል። ውሸት ነው። ሰውየው በዓል ካልሆነ ጠላ እንኳ አይቀምስም፤ የቀመሰ ዕለትም ፊቱ ቀልቶ መሳቂያ ነው የሚሆነው።

እኔ አስካለ ማርያም እባላለሁ፣ ሞላሌ ገበያ ባና፣ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የምሸጠው። ገበያችንን የረገጠ ሰው ያውቀኛል፤ ምላሴንም ያውቃታል። ባሌ ተክለጻድቅ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። አለቃ የለው፣ ደመወዝ የለው፤ አንዱ ደብር ይጠራዋል፣ ይዋዋላል፣ ግድግዳውን ይሥላል፣ ይከፈለዋል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሥራ ሲኖር ጌታ ነው፣ ሥራ ሲጠፋ የእኔ ባና ያበላዋል። ንግድ ፈቃድ አውጥቷል፤ በየሐምሌው የሚቆረጥበትን ትንሽ ግብር ከፍሎ ፈቃዱን ያሳድሳል። እንዲህ ስንኖር ከመንግሥት ጋር ክፉ ደግ ተባብለን አናውቅም።

ነገሩ የመጣው በትልቁ ሥራ ነው። ቀየት በኩል ያለ አንድ ደብር አዲስ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ሙሉውን መቅደስ እንዲሥል ተዋዋለው። ስድስት መቶ ሺህ ብር! እኔ ውሉን ሲያነብልኝ «ዜሮው አልበዛም?» ብዬዋለሁ። ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ጨረሰው። በየጊዜው ይከፈለዋል፣ ለቤት የሚሆን ይሰጠኛል፣ ቀለም ይገዛል። የተረፈው ባንክ ነው እላለሁ በሆዴ። «ወፍጮ እንተክላለን፣ ከእንግዲህ ብርድ ላይ ተቀምጬ ባና አልሸጥም» እያልኩ ለጎረቤት ሳወራ ከርሜያለሁ። አይ እኔ! ያልተወለደ ጥጃ ሳስር።

አንድ ቀን የዳዊቱን አቧራ ላራግፍ ብዬ ከሰቀለበት ሳወርደው ከመካከሉ ሁለት ወረቀት ወደቀ። ማኅተም አለው። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ማንበብ አያቅተኝም። አንደኛው የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ነው፤ ከመጣ ወራት አልፎታል። ሁለተኛው የቅርብ ጊዜ ነው፤ ግብሩ፣ ቅጣቱና ወለዱ ተደምሮ መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ሆኗል፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ንብረት ተይዞ በሐራጅ ይሸጣል ይላል። ንብረት ሲሉ እንግዲህ ያለን ይቺ ቤት ናት። ድንጋይዋን ያስጠረብኩት፣ ቆርቆሮዋን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ በባና፣ በሱፍ፣ በጣቴ። እዚያው ተቀመጥኩ።

ሲመጣ ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋሁት። «ምንድን ነው ይሄ?»

«አይቼዋለሁ።»

«አይተኸውስ? ከዳዊት መሀል የከተትከው መዝሙር መስሎህ ነው?»

«የቤተ ክርስቲያን ሥራ ግብር ያለው አልመሰለኝም አስካለ። የተሳሳቱ መስሎኝ። ይተዉታል ብዬ።»

ለእኔ የልጅ ስህተት ነው፤ እሱ ግን እውነቱን ነው። ይህ ሰው ቅዱስ ሥዕል ሊነካ ሲል ጾሞ፣ ገላውን ታጥቦ ነው። ያን ሥራ እንደ ንግድ ቆጥሮት አያውቅም። ደብሩ ግን ሲከፍለው ከያንዳንዱ ላይ ሁለት በመቶ ቅድመ ግብር እየቆረጠ ለገቢዎች ያስገባ ነበር፤ ሕግ ነው። እንግዲህ ገቢዎች ስንት እንደተከፈለው እንደኛ ያውቃሉ። ሐምሌ ላይ ያን ገቢ ሳያስታውቅ ሲቀር፣ የሒሳብ መዝገብም ሳይኖረው ሲቀር፣ ቁጭ ብለው ገምተው ወሰኑበት።

«እሺ፣ ይሁን» አልኩ። «ግፍም ቢሆን ይከፈል። ባንክ ያለውን አውጣ።»

ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ።

«ተክሌ፣ ባንክ ያለውን አውጣ እኮ ነው የምልህ።»

«ባንክ ምንም የለም።»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ጎረቤት ሰምቷል፣ ይበቃል። ሴት ያዝክ ወይ አልኩት፣ ቁማር ወይ አልኩት። እሱ ቆሞ ቆሞ መጨረሻ ላይ በሩን ዘጋና «ማይልኝ፣ እነግርሻለሁ» አለ። «ለማንም አልናገርም በይ። በአርሴማ ማይልኝ።»

አርሴማ ልጃችን ናት፣ አራት ዓመቷ ነው። ዘጠኝ ዓመት ፀበል ለፀበል ዞረን ያገኘናት አንድ ፍሬ ልጅ ናት። በእሷ አልምልም አልኩ። «እንግዲያው አልናገርም» አለ። እልህም፣ ፍርሃትም ያዘኝ። ቤቴ ሊሸጥ ነው፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ሳላውቅ ላብድ ነው። «አርሴማ ትሙት አልናገርም!» አልኩ። አፌ ላይ እሬት እሬት አለኝ። ሰው በሞላሌ ገበያ ለአንድ ብር ጭማሪ «ልጄ ትሙት» ይላል፣ እኔ ግን ብዬ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ነገረኝ። ልጅ ሳይኖረን አንድ ክረምት ላይ ተስሎ ኖሯል። ልጅ ከሰጠኸኝ መጀመሪያ ከማገኘው ትልቅ ሥራ ግማሹን እሰጣለሁ፣ እኔና አንተ ብቻ እናውቀዋለን፣ ሰው አያውቅም ብሎ። ሌላው ሰው ስለቱ ሲሰምር ጥላውን ይዞ፣ መጋረጃውን ይዞ፣ በእልልታ ነው የሚያስገባው። ቄሱ ስሙን ይጠሩለታል፣ ጎረቤቱ ይቀናል። የኔው ጉድ ግን ገንዘቡ በተከፈለው ቁጥር ባንክ ሄዶ ግማሹን ያወጣል፤ ሰው ሲበተን ጠብቆ ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ይከታል። ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ። የደብሩ ሰዎች እንኳ ያን ዓመት ሙዳዩ ምን ነካው እያሉ ይደነቁ ነበር አለኝ፣ ትንሽ ፈገግ ብሎ። ፈገግታውን ሳይ ልመታው ቃጣኝ።

«ሦስት መቶ ሺህ ብር!»

«ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ነው የተባለው።»

«ግራህ እኔ ነኝ? እኔ ነኝ ወይ ግራህ?» ብዬ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ልጅቷ ሁለታችንን አይታ አለቀሰች።

በነጋታው ገቢዎች ሄድን። የዕዳ ክትትሉን የያዘው አቶ ይታየው ነው፤ ከኔ ባና የሚገዛ፣ ሰው ላይ የማይጮህ፣ ቀዝቃዛ ሰው። ፋይሉን አወጣ፣ አገላበጠ።

«አቤቱታ ማቅረቢያው ሃያ አንድ ቀን ነበር፣ አልፏል» አለ ለተክሌ። «ያኔ መጥተው የቀለሙን ወጪ በማስረጃ ቢያሳዩ ኖሮ ግምቱ ይቀንስ ነበር። አሁን ግብሩ የጸና ዕዳ ነው። ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንድ፣ መክፈል። ሁለት፣ በየጊዜው ከፋፍዬ ልክፈል ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ።»

«ሁለተኛው ይሻላል» አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ።

«ይሻላል፣ ግን መብት አይደለም፣ ተመዝኖ የሚፈቀድ ነው። ደብዳቤው ውስጥ ዕዳውን ማመን አለባችሁ። ለምን በአንድ ጊዜ መክፈል እንዳልቻላችሁ መጻፍ አለባችሁ። ከምን ገቢ በየወሩ ስንት እንደምትከፍሉ መጻፍ አለባችሁ። ሩቡን መጀመሪያ ታስገባላችሁ። እስኪያልቅ ወለዱ መቁጠሩን አያቆምም፣ ይህንን ከወዲሁ እወቁት። አንዷን ወር ካሳለፋችሁ ደግሞ ስምምነቱ ይፈርሳል፣ የቀረው በሙሉ ባንዴ ይጠየቃል። ያኔ ወደ ቤቱ ነው የምንመጣው።»

ከምን ገቢ ለሚለው መልስ ነበረን። ጊሼ፣ ራቤል ላይ አንድ ደብር ሊያሠራው ይፈልጋል። ግን የታደሰ ንግድ ፈቃድ አምጣ ብለውታል፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከገቢዎች ማረጋገጫ አምጣ ይላል። ያለ ማረጋገጫ ሥራ የለም፣ ያለ ሥራ ክፍያ የለም፣ ያለ ክፍያ ማረጋገጫ የለም። ስምምነቱ ከተፈረመ ግን ይታየው ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍልናል። ሁሉም ነገር በዚያች በአንዲት የማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

በሩ ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ታዲዮስ የሚባል ልጅ አለ። እሱ ጻፈልን። «ጉዳዩ፦ የግብር ዕዳዬን በየወሩ ከፋፍዬ እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ» ብሎ ጀመረ፤ አጻጻፉ ያምራል። ለምን መክፈል እንዳልቻልን ሲደርስ ቀና ብሎ አየን። እኔ ተክሌን አየሁት፣ ተክሌ መሬት መሬት ያያል። «በተለያዩ ችግሮች ምክንያት በል» አልኩት። መንገዱ ተዘግቶ ሥራ የጠፋባቸውን ወራትም ጨመረበት፤ ያስ እውነት ነው።

ይታየው አንብቦ መለሰልን።

«መንገዱ መዘጋቱን አውቃለሁ፣ እኔም እዚሁ ነበርኩ» አለ። «የተለያዩ ችግሮች የሚባል ነገር ግን ለኃላፊው ይዤ አልገባም። ስድስት መቶ ሺህ ብር ገብቷል። ቀለሙን፣ ቀለቡን ቀንሼ ባየው እንኳ ብዙ ብር ይቀራል። የት ሄደ? ገንዘቡ ተደብቆ ከሆነ ከፋፍሎ መክፈል አይፈቀድም። ከሌለ ደግሞ የት እንደሄደ ይጻፍ።»

እቤት ስንገባ ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ ብላችሁ ይሻላል። «ጻፈው ተክሌ። እግዜር ግብር ሰብሳቢ አያውቅም? ማቴዎስስ ማን ነበር?» አልኩት።

«የስለቱ ፍሬ እኮ ልጄ ናት» አለኝ። «በእሷ ነፍስ የተነጋገርኩትን ለብር ብዬ ልሽረው? አንቺስ በማን ነው የማልሽው?»

ከዚያ ብዕሩን አነሳ። ጽሑፉ እንደ ብራና ጽሑፍ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ የተዋበ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቃል በቃል ገለበጠው። እዚያች ቦታ ሲደርስ ግን «የተለያዩ ችግሮች» የሚለውን ትቶ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የተከፈለኝን ገንዘብ በመጠጥና በማይገባ ነገር ጨርሼዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ባለቤቴ የምታውቀው ነገር የለም።» ፈረመ።

«ሰው ምን ይላል?» አልኩት።

«ሰካራም ይበል። ሰካራም መባል ልጅ አይገድልም።»

በማግስቱ ይታየው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ተክሌን አየው። ደብተር ላይ ለመመዝገብ ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ሳቋን ልትደብቅ ዞር አለች።

«አቶ ተክለጻድቅ፣ እርስዎ ጠጡት? ይህችን በምታህል ከተማ ይህን ያህል ብር የጠጣ ሰው እኔ ሳላየው?»

«ሌላ አገር ነው የጠጣሁት።»

«የት?»

«በየሄድኩበት።»

ይታየው መነጽሩን መልሶ አደረገ። «እንግዲህ የጻፉትን ይዤ ነው የምወስነው። የውሳኔ ሐሳቡን ለኃላፊው የማቀርበው እኔ ነኝ፣ ነገ የምጠየቀውም እኔ ነኝ። የተከፈለውን ሁሉ ጠጣሁት ብሎ የፈረመ ሰው በየወሩ ይከፍላል ብዬ ልፈርምልዎት? የራቤሉንም አይጠጡትም ያለ ማን ነው? አልችልም። አይፈቀድም። ማስጠንቀቂያው ሠላሳ ቀን ሊሞላው ነው፤ ሲሞላ ንብረት መዝጋቢ ይመጣል።» ደብዳቤውን ወደ ፋይሉ መለሰ።

ተክሌ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተነሣ። እግዜር ይስጥልኝ! ቤቴን ለሐራጅ ሰጥቶ እግዜር ይስጥልኝ!

እዚያች ወንበር ላይ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ልጄን አሰብኩ። ውርጭ ላይ እሷን አዝዬ የሰው ደጅ ስጠና ታየኝ። ምላሷን ውጣ ዝም ያለች እናት ልጇን አዳነች ወይስ ገደለች? መሐላው ይገድላታል ይላል እሱ፤ ብርዱስ? ቀልድ አይደለም የመንዝ ብርድ። ከዚያ ወዲያ አላሰብኩም። አፌ ተከፈተ።

«ውሸቱን ነው!» አልኩ። «አንዲት ጠብታ አልጠጣም። ስለት ነው። ለልጃችን ተስሎ ግማሹን ሙዳየ ምጽዋት ከተተው። እንዳልናገር አስምሎኝ ነው።»

ተክሌ በር ላይ እንደቆመ ቀረ። ዞሮ አላየኝም። ጀርባውን ነበር የማየው፣ ትከሻው ወረደ።

ይታየው ፋይሉን እንደገና ገለጠ። «ስጦታው ግብሩን አይቀንሰውም፣ ያለ ደረሰኝማ ጨርሶ። ገቢው ገቢ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ለክፍያ ስምምነቱ ግን እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? ማንም ሳያየው ሦስት መቶ ሺህ ብር ቆጥሮ ለሰጠ ሰው እኔ እፈርማለሁ።» ከዚያ ወደ ተክሌ «ወንድሜ፣ እውነት ነው?» አለው።

ተክሌ «እሷ ተናግራዋለች» አለ፣ በቃ።

እናም ተፈቀደ። ሩቡን በቅድሚያ፣ የቀረውን በአሥራ ሁለት ወር፣ ወር በገባ በአምስት። በጎቼን ሸጥኩ፣ ያለኝን ባና በሙሉ በርካሽ አራገፍኩ፣ ወንድሜ ዋስ ሆነ። ተክሌ ስምምነቱ ላይ ሳያነበው ፈረመ። ያ ውብ ጽሑፉ ተንጋዶ ነበር።

ከቢሮው ወጥተን እቤት ደረስን። ገባና ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቀለለ፣ ጋቢውን ደረበ። ልጅቷ «አባዬ» እያለች ልትጠመጠምበት ስትሮጥ እጁን ዘርግቶ አስቆማት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደዚያ ሲያደርጋት አይታ አታውቅም፣ የምትሆነው ጠፋት።

«ያዣት» አለኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«በመንገድ ላይ ተሳልኩ። የሷን መሐላ በእኔ ቁጠረው አልኩት። እሷን ተውልኝ፣ እኔ ደግሞ ዓይኗን አላይም አልኩት። የማልሽው ትሙት ብለሽ ነው አስካለ። አንድ ሰው መክፈል አለበት።»

«አባ ገብረ አማኑኤል አሉ፣ የነፍስ አባታችን። እናስፈታዋለን፣ ቀኖና ይሰጡኛል!»

«አንቺ ቀኖናሽን ያዢ። ጥሩ ነው።» ከዚያ ዝቅ ብሎ «አልተቀየምኩሽም» አለኝ። ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። ተቀይሞ የሄደ ሰው ይመለሳል።

አባ ገብረ አማኑኤል ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። አዘኑልኝ፣ ቆጡኝም፤ ጾም ስግደት ሰጡኝ፣ «መሐላሽ ተፈቷል፣ እግዚአብሔር እንደ ገበያ ሰው በቃል አይዝም» አሉኝ። ይህንኑ በሰው ላኩበት። መልስ አልመጣም። የመጣው ክፍያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። እሱ ራቤል ባንክ ገብቶ በገቢዎች ሒሳብ ቁጥር ያስገባል፣ የባንኩ ወረቀት ለይታየው ይደርሰዋል፣ እኔ ሄጄ የጽሕፈት ቤቱን ደረሰኝ እቀበላለሁ። ወር በገባ በአምስት ነው የመጨረሻው ቀን፤ እሱ በሁለት፣ በሦስት ያስገባል። አስገቢ በሚለው ላይ ስሙ አለ፣ ፊርማው አለ። ይታየውን «ወረቀቱን ልየው» እለዋለሁ። ፊርማው ቀጥ ብሎ እንደሆነ ደህና ነው እላለሁ፣ ከተንጋደደ ታሟል እላለሁ። ሌላ ሴት ባሏ ይደውልላታል። የኔ ባል በገቢዎች በኩል ነበር የሚያናግረኝ።

አንድ ወር መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ራቤል ባንኩ አይሠራም አሉ። አራት ቀን ሆነ፣ የለም። በአምስት ጠዋት በሩ ሳይከፈት ሄጄ ተቀመጥኩ። ለቤቱ አይደለም፣ እውነቱን ልናገር፤ ሰውየው የሞተ መስሎኝ ነው። ከሰዓት ይታየው ጠራኝና «ገብቷል» አለኝ። ወረቀቱን ሳየው የመሐል ሜዳ ቅርንጫፍ ማኅተም ነው። ከራቤል መሐል ሜዳ ድረስ በእግሩ መጥቶ ኖሯል! ከዚያ ሞላሌ ምን ቀራት? የደከመው ሰው ቤቱ ገብቶ አንድ ሌሊት ቢያድር ምን ነበረበት? ከፍሎ ተመለሰ። ያን ቀን ደረሰኙን ይዤ ገበያ መሀል ጮኼ አለቀስኩ፣ ሰው ከቦኝ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ «ግብር ከፍዬ ነው» አልኩ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ?

አንድ ጊዜ ራቤል ሄጃለሁ፣ ልጅቷን ለእናቴ ትቼ። ከመወጣጫው ላይ ወርዶ ደጀ ሰላሙ ጋ ተቀመጥን። ከስቷል፣ ጢሙ ውስጥ ቀለም አለ።

«ጤናዋን ንገሪኝ» አለ። «መልኳን አትንገሪኝ።»

«ጤነኛ ናት። ጉንፋን እንኳ አልያዛትም።»

ራሱን ነቀነቀ፣ እንዳልኩት ሆነ እንደማለት። እጅጌውን ያዝኩት። «ታዲያ ለምን አትመጣም? ጤነኛ ከሆነች ምን ቀረ?»

«ጤነኛ የሆነችው እኮ ስላልመጣሁ ነው» አለኝ።

ሲሸኘኝ «ዕዳው እስኪያልቅ አትምጪ» አለ። እኔ ሞኟ ይቺን «እስኪያልቅ» የምትለዋን ቃል ይዤ ተመለስኩ። እስኪያልቅ ካለ ሲያልቅ ይመጣል ማለት ነው አልኩ። ልጅቷንም እንዲሁ አልኳት። «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ስትለኝ ደረሰኞቹን ዘርግቼ «ይኸው ይህን ያህል ቀረው» እላታለሁ። አንዷ ደረሰኝ በመጣች ቁጥር ትጨፍራለች።

ዘጠነኛው መጣ። አሥረኛው መጣ። እንግዲህ ሁለት ቀረ፣ ቤቱን ለቅልቄ፣ ጠላ ጠንስሼ እጠብቃለሁ፣ በዓል ነውና አንድ ብርጭቆ ይቀምስልኛል እያልኩ ለራሴ አወራለሁ። ወሩ በገባ በሁለት ይታየው ሰው ልኮ አስጠራኝ። ስገባ ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ ደስ ብሎታል።

«እንኳን ደስ ያለሽ ወይዘሮ አስካለ! ባልሽ የሁለቱን ወር አንድ ላይ አስገብቶ ጨረሰው። አንዲት ቀን ሳያሳልፍ! እኔ እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም።» ማኅተም ያረፈበት ማረጋገጫ ሰጠኝ። «ከዕዳ ነፃ ናችሁ።»

የባንኩን ወረቀት አሳየኝ አልኩት። ማኅተሙ የራቤል አይደለም፣ የመሐል ሜዳም አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ነው። በዚያው ሳምንት ወደ ራቤል የሚሄድ ነጋዴ ልኬ አስጠየቅሁ። ሥዕሉን ጨርሷል፣ የተከፈለውን ተቀብሏል፣ ወዴት እንደሄደ ግን የሚያውቅ የለም፤ ገዳም ሳይገባ አይቀርም አሉ። የትኛው? አያውቁም። ሁለቱን ወር ባንዴ የከፈለው ለዚያ ነው። ዕዳ ይዞ ገዳም አይገባም።

ያን ቀን ግን ይህን ገና አላወቅሁም። ደብረ ብርሃን የሚለውን ማኅተም ብቻ ነው ያየሁት። ልጄን በአንድ እጄ ይዣለሁ፣ ማረጋገጫውን በሌላው እጄ። ይታየው ፋይሉን በገመድ አስሮ ወደ መደርደሪያው ሊሰቅለው ተነሣ። እኔ ወንበሩ ላይ ነኝ።

«አቶ ይታየው፣ እባክዎ እንደገና ይዩልኝ» አልኩ። «ወለድ ነበረው እኮ። ወለድ እንኳ አልቀረብንም?»

«የለም የለም፣ ወለዱንም አስልቶ ከፍሎታል።»

«ትንሽ እንኳ? የምትከፈል ትንሽ ነገር?»

«ምንም የለባችሁም» አለና ፋይሉን ሰቀለው።